ቁጥሮቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ

ስልኩ የጮኸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። አራት ኪሎ በሚገኘው ቢሮአችን መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሌላ ሰነድ ጀምሬያለሁ። የደወለው በአንዲት የገጠር ከተማ የንጹሕ ውሃ ሥራ የሚመራ መሐንዲስ ነው፤ ሪፖርቱን አርትዬ የላክሁለት ከሳምንት በፊት ነበር። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም። «ታንከሩ ተተክሏል ያላችሁት ማን ነግሯችሁ ነው? ታንከሩ እኮ ገና ጉምሩክ ነው!» አለኝ።

ያልተጻፈ ነገር እንዳልጨመርሁ እርግጠኛ ነበርሁ። የተሰጠኝ ሥራ 38 ገጽ የነበረውን ሪፖርት ገንዘብ ሰጪዎቹ በአንድ መቀመጫ አንብበው በሚጨርሱት መጠን ማሳጠር፣ ግማሽ ገጽ የሚወስዱትን ዓረፍተ ነገሮችም መሰባበር ነበር። ጨርሼ ከመላኬ በፊት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በኮምፒውተር ፈልጌ አመሳክሬያለሁ። አንድም አልጎደለም፤ አንድም አልተለወጠም። ስለዚህ ዋናውን ከፍቼ ቦታውን ፈለግሁት። የባለቤቱ ማንነት እንዳይታወቅ ቁጥሮቹንና ወሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ፤ የስሕተቱ መልክ ግን እንዳለ ነው። ዋናው እንዲህ ይላል፦

«የመስመሩ ዝርጋታ በመጋቢት ተጠናቆ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው ታንከር ተተክሎ፣ 3 ትምህርት ቤቶች በሰኔ አገልግሎት ማግኘት ይጀምራሉ ተብሎ ይጠበቃል።»

የእኔው ደግሞ እንዲህ፦

«የመስመሩ ዝርጋታ በመጋቢት ተጠናቋል። የውሃ ማጠራቀሚያው ታንከርም ተተክሏል። 3 ትምህርት ቤቶች በሰኔ አገልግሎት ማግኘት ይጀምራሉ ተብሎ ይጠበቃል።»

ሳየው ፊቴ ጋለ። «ተጠናቆ» እና «ተተክሎ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ በራሳቸው ጊዜ የላቸውም። ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ ገና ይፈጸማል የሚለውን የሚወስንላቸው በመጨረሻ የሚመጣው ማሰሪያ አንቀጽ ነው፤ እዚህ ላይ «ተብሎ ይጠበቃል» የሚለው። እኔ ዓረፍተ ነገሩን በሦስት ስቆርጠው ማሰሪያው ለመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ቀረ። የፊተኞቹን ሁለቱን ራሳቸውን እንዲችሉ ስል የኃላፊ ጊዜ አለበስኋቸው። ተስፋው የተፈጸመ ሥራ መሰለ። ሪፖርቱ የተጻፈው በጥር ነበር፤ እኔ ዘንድ የደረሰው ግን መጋቢት ሲያልቅ ስለሆነ «በመጋቢት ተጠናቋል» ለዓይኔ እንግዳ አልሆነብኝም። ችግሩ የጎላው ደግሞ በውላቸው መሠረት የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ታንከሩ ሲተከል ስለነበር ነው። ገንዘብ ሰጪዎቹ አንብበው የተተከለውን ታንከር ፎቶ ጠየቁ። መሐንዲሱ ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው መሰለ፤ ያም በእኔ እጅ ነው።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው አራሚያችን ጉዳዩን ሲሰሙ አልተቆጡም። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ አንቺ ያመሳከርሽው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ የተጠጋውንስ አየሽው?» አሉኝ። ከዚያም ከታንከሩ ጋር የማይገናኝ፣ ማንም ያላነሳውን ሌላ ስፍራ በእርሳስ ከበቡልኝ።

በዋናው፣ «ጥናት ከተደረገባቸው 480 አባወራዎች ንጹሕ ውሃ የሚያገኙት 312 ሲሆኑ፣ ከእነዚህም በግቢያቸው ቧንቧ ያላቸው 25 በመቶ ናቸው» ተብሏል። እኔ አንባቢ ቶሎ እንዲገባው ብዬ አገላብጬው፣ «ጥናት ከተደረገባቸው 480 አባወራዎች 312ቱ ንጹሕ ውሃ ያገኛሉ፤ 25 በመቶ የሚሆኑት አባወራዎችም በግቢያቸው ቧንቧ አላቸው» ብያለሁ። 480ም፣ 312ም፣ 25ም አሉ። ነገር ግን «ከእነዚህም» የምትለዋ ቃል ጠፍታለች። የ312 ሩብ 78 ነው፤ የ480 ሩብ ደግሞ 120። በአንድ ቃል መጥፋት 42 ቤቶች በወረቀት ላይ ቧንቧ አገኙ። ጋሼ ወደ አባሪው ሠንጠረዥ ገልጠው አሳዩኝ፤ 78 ይላል። በመቶኛ የተጻፈን ነገር ወደ ቁጥር መልሶ ከሠንጠረዡ ጋር ማስተያየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ እኔ ግን አላደረግሁትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱን እንደገና ስንሠራ ከእርሳቸው የተማርሁትን ዛሬም እከተላለሁ። ከማሳጠሬ በፊት ዋናውን ይዤ እያንዳንዱን ቁጥርና እያንዳንዱን «ተደረገ» የሚል ነገር በወረቀት ላይ በየመስመሩ አሰፍራለሁ። በአጠገቡም የምን እንደሆነ፣ ከስንት ውስጥ እንደሆነ፣ የመቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳለው፣ በመጨረሻም ሆኗል ወይስ ይሆናል የሚለውን እጽፋለሁ። «የመቼ» በሚለው ሥር የበጀት ዓመትን ከዓመተ ምሕረት እለያለሁ፤ የ2014 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ስለሆነ «በጀት» የሚለውን ቃል ለማሳጠር ብዬ ብጥለው የሐምሌና የነሐሴ ሥራ ወደ ሌላ ዓመት ይሄዳል።

ከዚያ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ እንደልቤ እጽፋለሁ። ዓረፍተ ነገር እቆርጣለሁ፣ አንቀጽ አዛውራለሁ፣ መጨረሻ የነበረውን መጀመሪያ አመጣለሁ። ስጨርስ ዋናውን ሳልከፍት ከአዲሱ ጽሑፍ ብቻ ሁለተኛ ዝርዝር አወጣለሁ። ይህ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ዋናው ከፊቴ ከተዘረጋ፣ አዲሱ ጽሑፍ የማይለውን ነገር ከዋናው ተበድሬ አነብበታለሁ፤ «25 በመቶ» የሚለውን ሳይ ልቤ አስቀድሞ «ከ312ቱ» ይላል። አንባቢው ግን ይህ የለውም። ሁለቱ ዝርዝሮች የሚለያዩበት መስመር ትርጉሙ የተንሸራተተበት ነው።

ዝርዝሩ ሁሉን አይይዝም። ለምሳሌ «ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ የተቅማጥ ሕመም ቀንሷል» የሚለውን «ጉድጓዱ በመቆፈሩ» ብዬው ነበር፤ ዋናው የነገረን የጊዜ ቅደም ተከተል ሲሆን እኔ ምክንያት አደረግሁት። ቁጥር ስለሌለበት ከዝርዝሬ ውጭ ሆኖ ያገኙት ጋሼ ናቸው። አሁን «በኋላ»፣ «ስለዚህ»፣ «ብቻ»፣ «ቢያንስ» እና «እስከ» ያሉባቸውን ቦታዎች ለብቻቸው እመለስባቸዋለሁ። በዋናው ውስጥ ስሕተት የሚመስል ነገር ሳገኝም በዝምታ አላቃናውም፤ ለጸሐፊው ደውዬ እጠይቃለሁ።

የታንከሩን አንቀጽ ያስተካከልነው «ሪፖርቱ በተጻፈበት በጥር ወር የሚከተሉት ገና የሚጠበቁ ሥራዎች ነበሩ» ብለን ተስፋውን ወደ ፊት በማምጣት ነው፤ አጫጭሮቹ ዓረፍተ ነገሮች ከእርሱ ቀጥለው መጡ። ከመላካችን በፊት ጋሼ ሪፖርቱን ጨርሶ ያላየችውን የሒሳብ ሠራተኛችንን ጠርተው አንቀጹን አስነበቧትና፣ «ታንከሩ ተተክሏል?» ብለው ጠየቋት።

ወረቀቱን እንደገና አየችው። «የለም ጋሼ፣ ገና ነው እኮ የሚለው» አለች።

ወደ መሐንዲሱ ደወልሁ።