ፂሜን ከመላጨቴ በፊት እውነቱን ንገሪኝ

ፊት ለፊት ስጠይቅሽ ትስቂያለሽ። ከዚያ "እንደፈለግክ" ትይኛለሽ። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። "እንደፈለግክ" ዛሬ አይሠራም፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ምን እንደምፈልግ ግራ ገብቶኛል።

ነገሩ የመጣው በማስኩ ነው። አለቃችን ግራና ቀኝ ማጣሪያ ያለው፣ አፍና አፍንጫን ከነአገጭ የሚይዝ የጎማ ማስክ ገዝቶልን መጣ። እስካሁን እንደምታውቂው በሐኪም ማስክ ነበር መኪና ላይ ቀለም የምንረጨው፤ እሱ ደግሞ የስቱኮ አቧራ ትንሽ ቢይዝ እንጂ ለቲነር ጭስ ምንም አይደለም። እኔም ደስ ብሎኝ አጠለቅኩት።

ከመርጨትሽ በፊት የምታደርጊው ፍተሻ አለው። ማጣሪያዎቹን በሁለት መዳፍሽ ትደፍኚና አየር ወደ ውስጥ ትስቢያለሽ። ማስኩ ፊትሽ ላይ ተጣብቆ ከቆየ በጎን የሚገባ አየር የለም ማለት ነው። ባቲላሜራው ልጅ፣ ያ ገና ፂም ያላበቀለው፣ ሞከረው፤ ልጥፍ አለለት። እኔ ሞከርኩት። አየሩ በመንጋጋዬ ሥር ሰተት ብሎ ገባ፣ ፂሜ ከውስጥ ሲርገበገብ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ማሰሪያውን ጆሮዬ እስኪቀላ አጠበቅኩት፣ ያው ነው። ጎማው ቆዳ ላይ እንጂ ፀጉር ላይ አይገጥምም። አንዱ ደግሞ ቫዝሊን ቀባበት አለኝ። ቫዝሊኑ ክፍተቱን ለአፍታ ይሞላው ይሆናል፣ አገጬን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ግን መልሶ ይከፈታል፣ ጎማውንም ያበላሸዋል።

ሽታው ብቻ ቢሆን ችዬው እኖር ነበር። ክሊር ላይ የምንቀላቅለው ሃርድነር ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ። እሱ ሳንባን አንዴ ካስቆጣው በኋላ ጥቂቷ ራሷ አስም ልታስነሳ ትችላለች። አፍንጫም አያስጠነቅቅም፤ ሸተተኝ ስትዪ ከሚገባው በላይ ስበሻል። ትክክለኛው መፍትሔ ንጹህ አየር በቱቦ የሚመጣለት ማስክ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኛ ጋራዥ ግን እሱ የለም፣ ቶሎ የሚመጣም አይመስልም። ያለውን በደንብ ማጥለቅ ነው የቀረኝ።

ያ ማታ ማታ የሚይዘኝ ሳል አለ አይደል፣ ብርድ ነው እያልሽ ዝንጅብል የምታፈዪልኝ? ብርድ አይመስለኝም። በዓል ሲሆንና ጋራዥ ሲዘጋ ይተወኛል፣ ሥራ ስገባ ይመለሳል። ሐኪም ጋም እሄዳለሁ፣ እሱን ለብቻው እናወራለን። አትደንግጪ፣ ግን ዝንጅብሉን ቀንሺልኝ።

እንግዲህ መላጨት ነው፣ ምን ያስጨንቃል ትይኝ ይሆናል። እኔ ፂም ያሳደግኩት ለማማር ብዬ እንዳልሆነ ነግሬሽ አላውቅም። ስንተዋወቅ ፂም ነበረኝ፣ አንቺም እንዲሁ ተወለደ ብለሽ የተቀበልሽው ይመስለኛል። ከዚያ በፊት በየሁለት በየሦስት ቀኑ በምላጭ እላጭ ነበር። አንገቴ በሙሉ እብጠት ነበር፣ የሸሚዝ ኮሌታ ሲነካኝ ያቃጥለኛል፣ አንዳንዱ መግል ይቋጥራል፣ ከሄደም በኋላ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። የኛ ፀጉር ጥቅልል ስለሆነ ነው። ምላጭ ሲቆርጠው ጫፉ ይሾላል፣ ሲያድግ ተጠማዞ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ቆዳውን ወጥረሽ ከሥሩ ከላጨሽው ይብሳል፤ ስትለቂው ፀጉሩ ከቆዳው በታች ይቀርና ከውስጥ ይወጋል። ያኔ ፀጉር ቤት ያለው ሰውዬ "በቃ ተወው፣ አሳድገው" አለኝ። ተውኩት፣ በወር አካባቢ እብጠቱ እየጠፋ ሄደ። ፂሙ በዚያው ቀረ። ሰፈር ውስጥ ግን ሳምንት ሙሉ "ማን ሞቶብህ ነው?" እየተባልኩ ነው የሰነበትኩት፤ አንዷ ሴትዮማ እግዜር ያጥናህ ብላኝ አለፈች።

አሁን ችግሩን አየሽው? ማስኩ እንዲገጥም በሥራ ቀን ጠዋት ጠዋት መላጨት አለብኝ፤ የአንድ ቀን ቡቃያ ራሱ ጎማውን ያነሳዋል። አንገቴ ደግሞ መላጨትን አይወድም። በማሽን አሳጥሬ ብተወው ለአንገቴ ጥሩ ነበር፣ ለማስኩ ግን ምንም አይፈይድም። ከላይ ያለውን ብቻ፣ ሪዙን ማለቴ ነው፣ ማስቀረት ይቻላል፣ ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ እስካልደረሰ ድረስ። አገጭ ላይ ብቻ ትንሽ ማስቀረት ግን አይሆንም፣ ጎማው አገጭ ሥር ነው የሚያልፈው።

እንዴት እንደምላጭ አስቤበታለሁ። ቅዳሜ ማታ መጀመሪያ በመቀስ፣ ቀጥሎ በማሽን አወርደዋለሁ። ከዚያ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ብዙ አረፋ፣ አዲስ ምላጭ። አንድ ስለት ያለው ይሻላል፣ ድርብርቡ ፀጉሩን ስቦ ከሥሩ ስለሚቆርጠው ለእንደኔ ዓይነቱ ጥሩ አይደለም። ቆዳ አልወጥርም፣ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ፣ አንድ ቦታ ላይ አልደጋግምም። አንገቴ ላይ ፀጉሩ ወደ ጎን ነው የሚተኛው፣ እሱን አሁን ረዘም እያለ ብታዪልኝ ደስ ይለኛል፣ በመስታወት አይታየኝም። ሁለት ቀን ቆይቶ ቀይ ነገር ከወጣና መሐሉ ላይ የተጠቀለለ ፀጉር ከታየሽ ንገሪኝ፣ ያው የድሮው ነው። ያኔ መላጨቱን አቁሜ አለቃዬን መርጨቱን ለሌላ ሰው ስጥ፣ እኔን ስቱኮና ማለስለስ ላይ አድርገኝ እለዋለሁ። ደሞዙ ላይ ሊያወራ ይችላል፣ እሱን ያኔ እናያለን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ፊቴን ያለ ፂም አይተሽው አታውቂም። አገጬ ትንሽ ነው። ከታች በኩል ልጅ ሆኜ ወድቄ የቀረ ጠባሳ አለ። ጉንጬም ካሳለፍነው ዓመት ወዲህ ሞላ ብሏል፣ ፂሙ ነው የደበቀልኝ፤ የተሸፈነው ቆዳ ደግሞ ፀሐይ ስላላየ ከላዩ ቀላ ብሎ ሊታይ ይችላል። ካልወደድሽው "ቶሎ ይበቅላል" ብለሽ አታጽናኚኝ። ፂም በወር አንድ ሴንቲ አካባቢ ነው የሚያድገው፣ ይሄ አሁን ያለኝ እንዲመለስ ዓመት ሊጠጋ ነው። እናትሽ ብቻ ናቸው እርግጠኛ የምሆንባቸው፤ "አባ" እያሉ ሲቀልዱብኝ ስለኖሩ እልል ይላሉ።

ሪዙን ላስቀረው ወይስ ሙሉ በሙሉ ይሂድ? ያለ ፂም ብታዪኝ የሚደብርሽ ይመስልሻል? ልጅቷስ? እሷ እንቅልፏ የሚመጣው ፂሜን እየጎተተች ነው። ድንገት ሌላ ሰው ሆኜ ብገባባት ታለቅሳለች ብዬ ስለፈራሁ፣ ስላጭ ከጎኔ ቆማ ብታይ ይሻላል ባይ ነኝ፣ አረፋውንም ትቀባኝ። አንቺ ምን ትያለሽ?

እስከ ዓርብ ማታ በጽሑፍ መልሺልኝ። ፊት ለፊት ካወራን ፊቴን አይተሽ ታዝኚልኛለሽ፣ እኔ ደግሞ ማዘንሽን ሳይሆን የምታስቢውን ነው የምፈልገው። ሥራውን ለምን አትለቅም የሚል ሐሳብ ካለሽም ጻፊው፣ አልቆጣም። ፎቶ ግን ከመላጨቴ በፊት አንድ አንሺኝ፣ ከጎን በኩል፣ ያ አንቺ የምትወጂው አቅጣጫ።