ሁለት ረድፍ ብቻ የሚሳሳት መልቲፕሌክሰር

ጠበብ ባለችው የኪራይ ክፍሌ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ብሬድቦርድ ሳላፈርስ ይህን እጽፋለሁ፤ ባለ ሦስት ተለዋዋጭ ፈንክሽን በአንድ ባለ አራት ግብዓት መልቲፕሌክሰር ሠርቼ ስምንቱም ረድፎች በትክክል የወጡልኝ ትናንት ማታ ነው። እዚህ ለመድረስ ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ ጊዜውን የበላብኝ ግን ስሌቱ አልነበረም።

የኮርሱን የሎጂክ ጌትና የካርኖ ማፕ ሳምንታት እዘላቸዋለሁ። ለዚህ ሥራ ፈንክሽኑን አስቀድሞ ማቅለል ከንቱ ድካም ነው ባይ ነኝ፤ ትሩዝ ቴብሉ ራሱ የዳታ ግብዓቶቹን ይናገራል። የያዝኩት ፈንክሽን F(A,B,C) = Σm(1,4,6,7) ነበር። A እና B ከአራቱ ግብዓቶች አንዱን የሚመርጡትን ሴሌክት መስመሮች እንዲይዙ ካደረግን በኋላ ሠንጠረዡን ሁለት ሁለት ረድፍ እያደረግን እናነባለን፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ A እና B አይለወጡም፣ የሚለወጠው C ብቻ ነው።

```
A B | F (C=0) | F (C=1) | ግብዓት
0 0 |    0    |    1    | I0 = C
0 1 |    0    |    0    | I1 = 0
1 0 |    1    |    0    | I2 = C'
1 1 |    1    |    1    | I3 = 1
```

F ከ C ጋር አብሮ ከተለወጠ ግብዓቱ C ነው፤ በተቃራኒው ከተለወጠ C' ነው፤ በሁለቱም ረድፍ ካልተለወጠ ደግሞ እንደየሁኔታው ከመሬት ወይም ከ5 ቮልት ጋር ይያያዛል። ለ C' አንድ ኢንቨርተር ያስፈልጋል። እሱን ለማስቀረት A ወይም B በዳታ በኩል እንዲገቡ አድርጌ ሞክሬ ነበር፤ በዚህ ፈንክሽን ግን የትኛውም ቢመረጥ ኢንቨርተሩ አይቀርም።

ቺፑ 74LS153 ነው። በውስጡ ሁለት ባለ አራት ግብዓት መልቲፕሌክሰሮች አሉ፤ ሴሌክት መስመሮቻቸውም የጋራ ናቸው። እኔ የተጠቀምኩት የመጀመሪያውን ሲሆን፣ ዜሮ ሲሆን የሚያሠራውን የማንቂያ እግሩን፣ ማለትም ፒን 1ን፣ ከመሬት ጋር አገናኝቼ ውጤቱን በፒን 7 ላይ አነበብኩ። ስድስት ረድፎች ትክክል መጡ። በ010 ላይ መጥፋት የነበረበት ኤልኢዲ በራ፤ በ100 ላይ ደግሞ መብራት ሲገባው ጨለመ።

ሽቦ ላልቷል ብዬ ሁሉንም ነቅዬ እንደገና ሰካሁ። ኢንቨርተሩን ለወጥኩ፤ ቀጥሎም መልቲፕሌክሰሩን ራሱን ለወጥኩ። ስህተቱ ግን በእነዚያው ሁለት ረድፎች ላይ ቆሞ ቀረ፤ የላላ ሽቦ ደግሞ እንዲህ አይጸናም፣ ይህን ወዲያው ማሰብ ነበረብኝ። በማግስቱ አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ መጥቶ ሰርኪዩቱን እንኳ ሳያይ፣ «ከሁለቱ ሴሌክት ከባዱ ቢት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዳታሺቱን ገለጥን። በቺፑ ላይ ፒን 14 A ተብሎ ተሰይሟል፣ ቀላሉም ቢት እሱ ነው፤ ፒን 2 ደግሞ B ነው፣ ከባዱም እሱ ነው። እኔ ፊደል ከፊደል አዛምጄ የራሴን A ከቺፑ A ጋር አገናኝቻለሁ፤ በእኔ ሠንጠረዥ ግን ከባዱ A ነው። ስለዚህ እኔ 01 ስል ቺፑ 10 ብሎ ያነባል፤ ከ I1 ይልቅም I2ን ያወጣል።

ረድፎቹ ለምን ሁለት ብቻ እንደሆኑም ያን ጊዜ ገባኝ። A እና B እኩል በሆኑባቸው አራት ረድፎች ላይ መለዋወጡ ምንም አያመጣም። ከቀሩት አራት ውስጥ በ011 እና በ101 ላይ I1ም I2ም ዜሮ ስለሚሰጡ ውጤቱ በአጋጣሚ ልክ ሆነ። እንግዲህ ስህተት የሚታያችሁ A እና B በተለያዩባቸው ረድፎች ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሽቦ ከመንቀል በፊት ፒን 2ን እና ፒን 14ን አለዋውጡ። ከዚያም የሚሻለው ምንም ዳታ ሳያስገቡ I1ን ብቻ ከ5 ቮልት ጋር፣ ሌሎቹን ሦስቱን ከመሬት ጋር ማገናኘት ነው፤ A=0፣ B=1 ሲደረግ ኤልኢዲው መብራት አለበት። እኔ ይህን የአንድ ደቂቃ ፈተና አሁን አስቀድሜ አደርገዋለሁ፤ ማንቂያውን ግን እስከ ዛሬ እረሳዋለሁ፣ እግሩ ሳይያያዝ ሲቀር ቺፑ እንደ 1 ስለሚቆጥረው ውጤቱ በሁሉም ረድፍ ዜሮ ይሆናል።

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር ቀርቷል። ከወር በፊት በዚሁ ቺፕ ፉል አደር ሠርቼ፣ ድምሩን በአንደኛው፣ ካሪውን በሁለተኛው መልቲፕሌክሰር አውጥቼ፣ ስምንቱም ረድፎች ልክ ሆነው ሪፖርት አስገብቼ ነበር። ለድምሩ I1ም I2ም C' ናቸው፤ ለካሪው ሁለቱም C ናቸው። በዚያ ሰርኪዩትም ሴሌክቶቹ ተለዋውጠው ነበር፤ በደብተሬ ያለው ሥዕል እስካሁን አልተስተካከለም።