«ሲደርስ እናያለን» ሲለኝ የጻፍኩት ደብዳቤ

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዘጠኝ ሠራተኛ ባለው ማተሚያ ቤት ነው። ዲዛይን የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ስታረግዝ የመውለጃ ቀኗ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሆነ። ነሐሴ ለእኛ የካሌንደር ወር ነው። ደንበኛው ሁሉ ለዘመን መለወጫ የሚያድለውን ካሌንደር በአንድ ጊዜ ይዞ ይመጣል።

ሰኔ ላይ ቡና እየጠጣን ለአለቃዬ በቃል ነገርኩት። «እንኳን ደስ ያለህ!» አለኝና ስለ አባትነት ፈቃድ ስጠይቀው «ሲደርስ እናያለን» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። መሥሪያ ቤታችን የጽሑፍ ደንብ የለውም፣ ከእኔ በፊት ደግሞ ልጅ ወልዶ ፈቃድ የጠየቀ ወንድ አልነበረም። ቢሆንም ያ መልስ እንቅልፍ ነሳኝ። ቀኑ ሲደርስ ማሽኑ እየሠራ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ነው የምናየው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ስሜት ነበር፦ የመጀመሪያ ልጃችን መሆኑ፣ የባለቤቴ እናት ደሴ በመሆናቸው ቶሎ አለመድረሳቸው። ጠዋት ሳነበው ስንት ቀን እንደምፈልግ የትም ቦታ የለም። ቀደድኩት።

ከዚያ ሕጉን ፈልጌ አነበብኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 81፣ ወንድ ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ተከታታይ ቀናት የአባትነት ፈቃድ እንዳለው ይናገራል። ድርጅቱ ደንብ ኖረውም አልኖረው ይህ አይቀርም። ግን አንዲት ቃል ልብ በሉ። ለጋብቻና ለሐዘን የሚሰጠው 3 «የሥራ» ቀን ነው። የአባትነቱ ግን «ተከታታይ» ነው የሚለው፤ ስለዚህ ቅዳሜና እሑድም ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሚስትህ አርብ ከወለደች ሰኞ ሥራ ግባ ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ቀን በዓመት ፈቃዴ ማስረዘም ነበረብኝ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሦስት ዓመት ስለሠራሁ የእኔ 17 ነው። ዘጠኙን ጨርሼ 8 ቀርቶኝ ነበር። ስድስቱን ጠይቄ ሁለቱን ለክርስትናው አስቀረሁ።

ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ጉዳዩ፦ የአባትነት ፈቃድና የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ

ባለቤቴ በነሐሴ ወር የመጨረሻ ሳምንት ገደማ እንደምትወልድ ይጠበቃል። በመሆኑም ከወለደችበት ቀን ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 መሠረት የ3 ተከታታይ ቀናት የአባትነት ፈቃድ፣ ከዚያም ቀጥሎ ከዓመት ፈቃዴ ላይ 6 የሥራ ቀናት እንዲፈቀዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የልደት ማሳወቂያውን ከሆስፒታል እንደወጣን አቀርባለሁ። የካሌንደር ሥራዎችን እስከ ነሐሴ 15 አጠናቅቄ ለማሽን ክፍል አስረክባለሁ። በፈቃዴ ጊዜ ከጠዋቱ 4 እስከ 5 ሰዓት በስልክ እገኛለሁ።

ከሠላምታ ጋር»

ቁርጥ ያለ ቀን አልጻፍኩም። ምጥ ቀጠሮ አያከብርም፤ «ከወለደችበት ቀን ጀምሮ» የሚለው ሐረግ ነው ያዳነኝ።

በሁለት ኮፒ አትሜ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በእጄ ሰጠሁት። አንብቦ ዝም አለ። ቀጥሎ «እኛ ስንወልድ ማን ፈቃድ ይሰጠን ነበር?» አለኝ። አልተከራከርኩም። «ጋሼ፣ ሦስቱ ቀን በሕጉ ያለ ነው፣ የቀረው ከራሴ ፈቃድ ላይ ነው። እርስዎን የሚያሳስብዎ ካሌንደሩ ከሆነ እሱን አስቀድሜ እጨርሳለሁ» አልኩት። ስለ ሕጉ ብዙም አልጠየቀኝም። ጥያቄው ሁሉ ስለ ነሐሴ 15 ነበር፤ የትኛው ደንበኛ አልቋል፣ እርማት ቢመጣ ማን ይነካዋል። ፋይሎቹን በየደንበኛው ስም ለይቼ፣ ማሽኒስቱን ቀላል እርማት አለማምጄ እንደምሄድ ነገርኩት። በኮፒው ግርጌ «ተፈቅዷል» ብሎ ፈረመበት፣ ማኅተምም መታበት። ያን ወረቀት ቤት ወስጄ አስቀመጥኩት።

ባለቤቴ የወለደችው አርብ ሊነጋጋ ሲል ነው፣ በኦፕራሲዮን። ሦስቱ ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አለቀ። ብቻዋን መነሳት ስለማትችል ልጅቷን አንስቼ እያቀፍኩ የማስጠባት፣ ሽንት ጨርቅ የምቀይር እኔ ነበርኩ። ሰኞ ቤት ስንገባ የዓመት ፈቃዴ መቆጠር ጀመረ። ስድስቱ የሥራ ቀን ባይኖር ኖሮ የዚያን ቀን ጠዋት አራሷን ጥዬ ሥራ እገባ ነበር። አማቴ ከደሴ የደረሱት ረቡዕ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥፍቻለሁ። የስልኩን ሰዓት ስጽፍ ሦስቱን የአባትነት ቀናት አላስቀረሁም። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ከአልጋ ለመውረድ ትከሻዬን ይዛ ሳለ ስለ አንድ ካሌንደር ቀለም ተደወለልኝ፣ አነሳሁም። ዛሬ ብጽፈው «ከአራተኛው ቀን ጀምሮ» እላለሁ።

ባለፈው ወር ማሽኒስታችን ሚስቱ እንዳረገዘች ነገረኝ። ደብዳቤውን ሰጠሁት፣ ያቺን መስመር በእስክሪብቶ አርሜ።