ኢንሹራንሱ 30,000 ሆኖ ያደረበት ቀን

የሂሳብ አያያዝ ትምህርት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ሰሞኑን የዓመት መዝጊያ ማስተካከያ ላይ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የያዘችኝን አንዲት ጥያቄ ላካፍላችሁ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። አንድ ድርጅት በ10ኛው ወር መጀመሪያ ለ12 ወር የሚሆን ኢንሹራንስ 24,000 ከፈለ። የሂሳብ ዓመቱ በ12ኛው ወር መጨረሻ ይዘጋል። ወሩ 2,000 ነው፤ ሦስት ወር አልፏል። ስለዚህ የዚህ ዓመት ወጪ 6,000 ብቻ ነው። ቀሪው 18,000 ገና አገልግሎት ያልተገኘበት ቅድመ ክፍያ ስለሆነ ሀብት ላይ ይቀመጣል።

እስከዚህ ቀላል ነው። እኔም ሳላመነታ ወጪው እንዲጨምር የኢንሹራንስ ወጪን በ6,000 ዴቢት፣ ሀብቱ እንዲቀንስ ቅድመ ክፍያን በ6,000 ክሬዲት አደረግኩ። የሁሉም ሂሳቦች የዴቢትና የክሬዲት ድምር የሚነጻጸርበት የሙከራ ሚዛንም እኩል መጣ። ተመስገን ብዬ ልዘጋው ስል ግን ቅድመ ክፍያው የ6,000 ክሬዲት ቀሪ ይዞ አየሁት። በተለምዶ ቀሪው ዴቢት የሆነ ሀብት እንዴት ክሬዲት ቀሪ ይኖረዋል? ወጪውን ሳየው ደግሞ 30,000 ሆኗል። ከተከፈለው በላይ ማለት ነው!

ለካ ገንዘቡ ሲከፈል 24,000ው በሙሉ የተመዘገበው ወጪ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሀብት ላይ እንደተመዘገበ አድርጌ ነው ያስተካከልኩት። ወጪ ላይ ከተመዘገበ የሚስተካከለው ያላለቀው ክፍል ነው፦ ቅድመ ክፍያ 18,000 ዴቢት፣ የኢንሹራንስ ወጪ 18,000 ክሬዲት። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው አንድ ነው፤ ወጪ 6,000፣ ሀብት 18,000። የሚለየው መነሻው ነው። አሁን ማስተካከያ ከመጻፌ በፊት የእያንዳንዱ ሂሳብ ምዝገባ የሚገኝበትን ሌጀር ገልጬ መጀመሪያ የት እንደገባ አያለሁ። የሙከራ ሚዛን እንዲህ ያለውን ስህተት አይዘውም፤ ዴቢቱና ክሬዲቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ ዝም ይላል።

ያልተከፈለ ወጪ የቅድመ ክፍያ ተቃራኒ ነው። አገልግሎቱ ተገኝቷል፣ ገንዘቡ ግን አልወጣም። የአምስት ቀን ደመወዝ 5,000 ነው እንበል፤ የሚከፈለው አርብ ነው። ዓመቱ ረቡዕ ማታ ከተዘጋ የሦስት ቀኑ 3,000 የዚህ ዓመት ነው። የደመወዝ ወጪ ዴቢት፣ ተከፋይ ደመወዝ ክሬዲት ይደረጋል። ይህ ከተረሳ ወጪም ዕዳም በ3,000 ያንሳሉ፤ ትርፉ በዚያው ልክ ያብጣል።

እዚህ ላይ ያስቸገረኝ አርብ ነው። 5,000ው ሲከፈል እጅ ለምዶ ሁሉንም ወጪ ላይ መጻፍ ይቀናል። እንደዚያ ከተደረገ 3,000ው በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ወጪ ይሆናል፤ የተከፈለው ዕዳም እንዳልተከፈለ ሆኖ መዝገብ ላይ ይቀራል። ትክክሉ ተከፋይ ደመወዝ 3,000 ዴቢት፣ የደመወዝ ወጪ 2,000 ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ 5,000 ክሬዲት ነው።

የሚቀጥለው ሳምንት ልምምዴ ተገላባጭ ምዝገባ ነው። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን የደመወዙ ማስተካከያ ዴቢቱ ክሬዲት፣ ክሬዲቱ ዴቢት ሆኖ ከተገለበጠ፣ አርብ 5,000ውን በሙሉ ወጪ ላይ መጻፍ ይቻላል። የዓመቱ ወጪ ያው 2,000 ሆኖ ይመጣል።