ቡትሎደር ሲከፈት ዳታው ለምን ይጠፋል? ከዚያ በኋላስ ስልኩ ማንን ያምናል?

የተሻሻለ ቡት ኢሜጅ፣ ማለትም ሲስተሙ የሚነሳበትን ፋይል፣ ልሞክር ብዬ የፒክስል ስልኬን ቡትሎደር፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን ፈትሾ የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ መክፈት ነበረብኝ። ስለዚህ ጉዳይ የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ "ዳታህ ይጠፋል፣ ባክአፕ አድርግ" ብለው ያልፉታል። ምክሩ ትክክል ነው። እኔ ግን ለምን እንደሚጠፋ ማወቅ ፈለግኩ። ምክንያቱ ሲገባኝ፣ ከተከፈተ በኋላ ስልኩ ላይ ምን ማስቀመጥ እንዳለብኝና እንደሌለብኝም አብሮ ግልጽ ሆነልኝ።

ፎቶና ዶክመንት በኬብል ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ እሱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው አፖች በራሳቸው ክፍል ውስጥ የሚይዙት ነገር ነው። በተለይ የመግቢያ ኮድ የሚያመነጩ አፖች ላይ ጊዜ ወስጃለሁ፤ እያንዳንዱን አካውንት አስቀድሜ ወደ ሌላ ስልክ አዛወርኩ። በስልኩ ሃርድዌር ውስጥ የተፈጠረ ቁልፍ ኮፒ አይደረግም፤ እዚያው ተፈጥሮ እዚያው ይቀራል።

ከዚያ About phone ገብቼ Build number የሚለውን ሰባት ጊዜ ነካሁ። Developer options ሲከፈትልኝ ቡትሎደሩ እንዲከፈት የሚፈቅደውን OEM unlocking እና ከኮምፒውተር ትእዛዝ ለመላክ የሚያስፈልገውን USB debugging አበራሁ። ከመክፈቴ በፊት ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ስለ ራሱ ምን እንደሚል ጠየቅኩት፦

```
adb shell getprop ro.boot.verifiedbootstate
```

green አለ። ይህ ማለት ስልኩ የተነሳው በአምራቹ ቁልፍ በተፈረመ፣ ባልተነካ ሲስተም ነው። ቀጥዬ፦

```
adb reboot bootloader
fastboot flashing unlock
```

ስልኩ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በድምፅ ቁልፉ መርጬ በፓወር ቁልፉ አጸደቅኩ። ይህ ማረጋገጫ ከኮምፒውተር ሊሰጥ አይችልም፤ ስልኩን በእጁ የያዘ ሰው መጫን አለበት። ማጥፋቱ ራሱ አፍታም አልፈጀም።

ያን ያህል ጊጋባይት እንዴት በአንድ አፍታ ጠፋ? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ፋይል ከመጀመሪያውም የተመሰጠረ ነው። የሚፈቱት ቁልፎች ደግሞ ከሃርድዌሩ በማይወጣ ሌላ ቁልፍ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሜሞሪውን ከዳር እስከ ዳር መደምሰስ አያስፈልግም፤ ቁልፎቹን መጣል ይበቃል። የተመሰጠረው ነገር ርዝራዥ ሜሞሪው ላይ ቢቀር እንኳ የሚያነበው የለም። የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞች እዚህ ላይ ዋጋ የማይኖራቸውም ለዚህ ነው።

ከዚህም የሚያልፍ ነገር አለ። ስልኩ በተነሳ ቁጥር ቡትሎደሩ ቁልፍ ጠባቂ ለሆነው ሃርድዌር ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ ሲስተሙ የተረጋገጠው በማን ቁልፍ እንደሆነና ቡትሎደሩ ዝግ ይሁን ክፍት። የተጠቀለሉት ቁልፎች ከእነዚህ ሁለት መልሶች ጋር የታሰሩ ናቸው። "ዝግ" ሲባል የተፈጠረ ቁልፍ "ክፍት" በሚባልበት ስልክ ላይ አይሠራም። አንድ ሰው በሆነ መንገድ ማጥፋቱን ቢያዘልለው እንኳ የሚያገኘው የማይፈታ ዳታ ነው። ማጥፋቱ ለጥንቃቄ ያህል የተጨመረ ሥነ ሥርዓት ይመስለኝ ነበር፤ ግን ከመቆለፊያው ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነገር ነው።

ቅደም ተከተሉም ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መጀመሪያ ዳታው ይጠፋል፣ "ክፍት" የሚለው ምልክት የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ ስልክ የሰረቀ ሰው ከፍቶ፣ መሀል ላይ አቋርጦ፣ የራሱን ሲስተም ጭኖ የባለቤቱን ፋይል ለማንበብ ይሞክር ነበር።

ስልኩ ሲነሳ ያንኑ ጥያቄ ደገምኩለት። አሁን orange አለ። በእያንዳንዱ መነሳት ላይም የማስጠንቀቂያ ስክሪን ይመጣል።

ቬሪፋይድ ቡት ማለት የሰንሰለት ፍተሻ ነው። ቡትሎደሩ vbmeta የሚባለውን ትንሽ ፓርቲሽን ፊርማ ያያል። በዚያ ውስጥ የሌሎቹ ክፍሎች ሃሽ፣ ማለትም የይዘታቸው አሻራ፣ አለ። ቡት ኢሜጁ እንዳለ ይመረመራል። ትልቁ ሲስተም ደግሞ በተነበበ ቁጥር ብሎክ በብሎክ ይፈተሻል። ዝግ ስልክ ላይ አንዱ ካልገጠመ መነሳት የለም። ክፍት ሲሆን ግን ቡትሎደሩ አለመግጠሙን ቢያየውም ያሳልፈዋል።

ይህን በዓይኔ አየሁት። በፋብሪካው ኢሜጅ ሲነሳ የብርቱካኑ ስክሪን መጣ። የተሻሻለውን ቡት ኢሜጅ ጭኜ ሳስነሳውም ያው ስክሪን፣ ያው ጽሑፍ መጣ። አንድም የተለየ ምልክት የለም። ማስጠንቀቂያው የሚለው "በሩ ክፍት ነው" ብቻ ነው፤ ሰው ገብቶ እንደሆነ አይናገርም። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው።

"ቡትሎደር ከተከፈተ ኢንክሪፕሽን የለም" የሚባለው ግን ስህተት ነው። ከተከፈተ በኋላ አዲስ ቁልፍ ተፈጥሮ ዳታው እንደገና ይመሰጠራል፤ ፎቶና መልእክት ያለ ፒን አይፈታም። ክፍተቱ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ አንዳንድ ነገር ፒን ከመግባቱ በፊት እንዲሠራ ተብሎ በስልኩ ቁልፍ ብቻ የተመሰጠረ ነው፤ የማንቂያ ሰዓትና የዋይፋይ ፓስዎርድ እዚህ ውስጥ ናቸው። ስልኩን ያገኘ ሰው የራሱን ቡት ኢሜጅ አስነስቶ እነዚህን ማንበብ ይችላል። ሁለተኛና የባሰው፣ ስልኩን ለጥቂት ደቂቃ ወስዶ ፒን የሚቀዳ ኢሜጅ ጭኖ መልሶ ቢያስቀምጠው፣ እኔ ያንኑ የለመድኩትን ስክሪን አይቼ ፒኔን አስገባለሁ። ከዚያ ኢንክሪፕሽኑ ምንም አያድነኝም። ስለዚህ ስልኩ ክፍት በነበረበት ጊዜ ሁሉ ዋና አካውንቴን አላስገባሁበትም። OEM unlocking ሲበራ የስርቆት መከላከያውም እንደማይሠራ እዚያው ማብሪያው ላይ ተጽፏል።

አንድ የባንክ አፕ ደግሞ አልከፈትም አለኝ። አፑ ሃርድዌሩን የስልኩን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ላይ "ክፍት" ተብሎ ይጻፋል። ፊርማው የሃርድዌሩ ስለሆነ ከሲስተሙ ውስጥ ሆኖ ያንን ጽሑፍ መቀየር አይቻልም።

ሙከራዬን ስጨርስ መልሼ ቆለፍኩት። አደጋው ያለው እዚህ ነው። የተሻሻለ ቡት ኢሜጅ እንዳለ ከተቆለፈ ፍተሻው ወዲያው ሥራ ይጀምርና ስልኩ አልነሳም ይላል። በዚያ ላይ OEM unlocking ከጠፋ መልሶ መክፈትም የለም፤ ስልኩ ጡብ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የፋብሪካውን ኢሜጅ ሙሉ በሙሉ ጫንኩ። በደንብ እንደሚነሳ አየሁ። OEM unlocking እንደበራ መሆኑን አረጋገጥኩ። ከዚያ፦

```
fastboot flashing lock
```

መቆለፍም ዳታ ያጠፋል፤ በዚያው ምክንያት፣ "ክፍት" ሲባል የተፈጠሩት ቁልፎች በ"ዝግ" ላይ ስለማይሠሩ። ስልኩ ያለ ብርቱካን ስክሪን ተነሳ፣ ጥያቄውም green መለሰ። OEM unlocking የሚለውን ያጠፋሁት ከዚያ በኋላ ነው።