ግራዲየንቱ ለምን አልገጥም አለ? የኮንቱር ጥናቴ እዚህ ደርሷል

ሰላም ጓዶች። ይህን የምጽፈው በንዴት ተነሳስቼ ነው። እኔና አብሮኝ የሚያጠናው ጓደኛዬ የአንድ ኮረብታን ግራዲየንት፣ ማለትም የከፍታ ልዩነቱ ለአግድም ርቀቱ ሲካፈል የሚገኘውን የተዳፋት መጠን፣ ለየብቻችን ሠራን። ካርታው አንድ ነው፤ ነጥቦቹም አንድ ናቸው። መልሳችን ግን ለየቅል ሆነ። ሒሳቡን ደጋግመን ብናየው የሁለታችንም ልክ ነው።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። ኮንቱር መስመር ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። መስመሮቹ ሲጠጋጉ መሬቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲራራቁ ለጥ ያለ። ባሕር ዳር ያላችሁ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ ከተማውን ብታዩ ሁለቱንም ባንዴ ታገኛላችሁ። በአገራችን 1፡50,000 ካርታ ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው የከፍታ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትር ነው። ደመቅ ብለው የተሰመሩት የየ100 ሜትሩ ናቸው።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችን። ነጥብ ሀ 1,800 ሜትር መስመር ላይ፣ ነጥብ ለ 1,900 ላይ ናቸው። ልዩነቱ 100 ሜትር ነው፤ እዚህ ላይ ተስማምተናል። እኔ ርቀቱን ስለካው 2.4 ሴንቲሜትር ሆነ። በ50,000 ሳባዛው 120,000 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 1,200 ሜትር። 100 ለ1,200 ሲካፈል 1/12 ነው። እሱ 3 ሴንቲሜትር ለካ፤ 1,500 ሜትር፣ 1/15 አለ።

ጉዱ ያለው ፎቶ ኮፒው ላይ ነው። እሱ የያዘው ዋናውን ካርታ ሲሆን እኔ የያዝኩት ወረቀቱ ላይ እንዲገባ ተብሎ ያነሰ ኮፒ ነበር። ሥዕሉ ሲያንስ ከሥር የተጻፈው «1፡50,000» አብሮ አይስተካከልም። ቁጥር ነውና እንዳለ ይቀመጣል። ስልክ ላይ ሰፋ ጠበብ የምናደርገው ፎቶም ያው ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። እነዚህ ካርታዎች ላይ የተሰመሩት አራት ማዕዘኖች ጎናቸው መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በ1፡50,000 ድፍን 2 ሴንቲሜትር መሆን አለበት። የእኔን ስለካው 1.6 ሆኖ ተገኘ። 1.6 ሴንቲሜትር 1 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ 2.4 ደግሞ 1.5 ኪሎ ሜትር ነው። የጓደኛዬ መልስ ወጣ። የኮፒዬ እውነተኛ ስኬል 1፡62,500 ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ ትቼ የወረቀት ቁራጭ ነው የምጠቀመው። ጠርዙን ሁለቱ ነጥቦች ላይ አሳርፌ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ቁራጩን ካርታው ግርጌ ካለው የመስመር ስኬል ጋር አስተያየዋለሁ። የመስመር ስኬል ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚያንስ ኮፒም ላይ አይዋሽም። ርቀቱም በቀጥታ በሜትር ይነበባል፤ ሴንቲሜትር መቀየር የሚባል ጣጣ የለም። ቀመር ሸምድደው ለሚገቡ ሰዎች ይሄን ብነግር «ፈተና ላይ ጊዜ ይፈጃል» ይሉኛል። እኔ ግን አልስማማም። ከፍታውን በሜትር፣ ርቀቱን በሴንቲሜትር አካፍለው 1/1,500 የሚያወጡት እነሱው ናቸው። መስመሮቹ ተጨናንቀው እያዩ እንዲህ ያለ መልስ እንዴት አይቆረቁርም?

እስካሁን የሚያስቸግረኝ የሐይቁ ዳር ነው። የጣና ወለል 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀጣዩ መስመር 1,800 ነው። በመካከላቸው ምንም መስመር የለም። ይህ ማለት ግን መሬቱ ጠረጴዛ ነው ማለት አይደለም። ጉብታም ረግረግም ሊኖር ይችላል፤ 1,800ን እስካልነካ ድረስ ኮንቱሩ አያሳየውም። ኮረብታ ላይ በሁለት መስመሮች መካከል ያለን ነጥብ በግምት ማስላት እደፍራለሁ። እዚህ ግን አልደፍርም።

ቢሆንም ግራዲየንቱ አንድ ነገር ይነግረናል። ከሐይቁ ዳር እስከ 1,800 መስመር 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን 15 ለ3,000፣ ማለትም 1/200 ነው። ውሃው 1 ሜትር ከፍ ቢል በአማካይ 200 ሜትር ወደ የብስ ይገባል። በ1/15 ተዳፋት ላይ ቢሆን 15 ሜትር ብቻ ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ውሃው ለምን ያን ያህል ርቆ እንደሚተኛ የገባኝ ይሄን ካሰላሁ በኋላ ነው። የምታጠኑት ካርታ ላይ የፎገራ በኩል ካለ፣ ከሐይቁ ዳር ተነስታችሁ 1,800 መስመርን ፈልጉና ርቀቱን በወረቀት ቁራጭ ለኩት። መጀመሪያ ግን የአራት ማዕዘኑን ጎን።