የማኅበራችን የታኅሣሥ መዝገብ

ዛሬ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ የቁጠባ ማኅበራችንን የመዋጮ ዝርዝር ከደብተር ወደ ኤክሴል ስገለብጥ ውዬ፣ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ዘግይቶ የሚከፈል መዋጮ ነው። ሠላሳ አባላት በየወሩ 200 ብር እናዋጣለን። የአባል ቁጥር 14 የኅዳርን ሳይከፍሉ ቀርተው፣ በታኅሣሥ የሁለቱን ወር 400 ብር ከ10 ብር ቅጣት ጋር አስገብተዋል። ገንዘቡን ወደ ኋላ ተመልሶ በኅዳር ዓምድ መሙላት ተገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ ከተደረገ የኅዳር ድምር 6,000 ሲሆን፣ በወሩ ባንክ የገባው 5,800 ብር ብቻ ስለሆነ መዝገቡና የባንክ ደረሰኙ አይገናኙም።

ስለዚህ የተዘጋውን ወር ሳልነካ፣ በታኅሣሥ ገጽ ላይ ለውዝፍ፣ ለወሩ መዋጮና ለቅጣት የተለያየ ዓምድ ከፍቼ፣ በእኚህ አባል ረድፍ 200፣ 200 እና 10 አስገባሁ። የገጹ ድምር 6,210 ብር ሆነ፤ ገንዘብ ያዣችን ከቆረጡት ደረሰኝም ጋር ተስማማ። እንግዲህ እኚህ አባል ዕዳቸውን መክፈላቸውም፣ መቼ እንደከፈሉም በአንድ ረድፍ ይነበባል።

መዝገብ ለምትይዙ ወገኖቼ አንድ ነገር ልጨምር፦ በሕዋሱ ውስጥ «200 ብር» ብላችሁ ከጻፋችሁ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው `=SUM(D2:D31)` ይዘለዋል። ቁጥር በራሱ ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ስለሚጠጋ፣ ድምሩ ሲጎድል በመጀመሪያ ወደ ግራ የተጠጋውን ፈልጉ።